ጤናማ ቅርሻት ወይስ የሪፍለክስ ሕመም፦ አመጋገብን ማስተካከል የሚበቃው መቼ ነው?

ጠብቶ ከጨረሰ በኋላ ወተት የሚያቀረሽ ሕፃን ያላቸው ወላጆች ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣሉ። አንደኛው ምንም ሳይለውጡ ጊዜ መስጠት ነው። ሁለተኛው ሕፃኑ የሚመገበውን መጠንና የሚመገብበትን አኳኋን ማስተካከል ነው። ሦስተኛው ወደ ሐኪም መውሰድ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ይህ በዚያው ሰዓት መደረግ አለበት። ብዙ ወላጆች ምርጫቸውን የሚወስኑት በሚርሰው ጨርቅ ብዛት ነው፤ ሆኖም የጨርቁ ብዛት ከሁሉም ምልክቶች ያነሰ ነገር የሚናገር ነው። በቀን አሥር ጊዜ የሚያቀረሽ ሕፃን ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አረንጓዴ ያስመለሰው ደግሞ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሊያስፈልገው ይችላል።

ወተቱ ለምን ይመለሳል?

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ሆኖ የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ በማንኛውም ሰው ላይ፣ ያለ መዋጥም ቢሆን፣ በየመሐሉ ለጥቂት ሰከንዶች ይላላል። በዐዋቂ ሰው ላይ ሲላላ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው አየር ነው። የሕፃኑ የምግብ ቧንቧ ግን አጭር ነው፤ የሚመገበው ሁሉ ፈሳሽ ነው፤ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ያሳልፋል፤ ለክብደቱም ሲታሰብ የሚጠጣው ከዐዋቂ ሰው እጅግ የበዛ ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ሲላላ ወተት በቀላሉ ይወጣል። ቀለበቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ቅርሻት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲሆን፣ በ4 ወር ዕድሜ ገደማ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። በዚያ ዕድሜ ከሦስት ሕፃናት ሁለቱ ያህል በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ። ከ6 ወር በኋላ፣ ሕፃኑ መቀመጥና ጠጠር ያለ ምግብ መብላት ሲጀምር፣ በፍጥነት ይቀንሳል፤ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ዘጠኝ ከአሥር የሚሆኑት ያቆማሉ። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነጥብ የሁለት ወር ሕፃን ቅርሻት በሚቀጥሉት ሳምንታት መጨመሩ የሚጠበቅ መሆኑ ነው። ጭማሪው ብቻውን ሕመም እየባሰ መሄዱን አያሳይም።

ሪፍለክስ ሕመም የሚባለው ወደ ላይ የሚመለሰው ወተትና አሲድ ጉዳት ሲያደርስ ነው። ጉዳቱ የክብደት አለመጨመር፣ ምግብን መፍራትና እምቢ ማለት፣ የምግብ ቧንቧ መቁሰልና መድማት፣ ወይም ወደ ሳንባ በሚገባ ወተት ምክንያት የሚደጋገም ሳልና የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሕመም ያለ ጊዜው በተወለዱ፣ የአንጎልና የነርቭ ችግር ባለባቸው እንዲሁም የምግብ ቧንቧቸው ሲወለዱ ጀምሮ ችግር ኖሮበት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሕፃናት ላይ ይበዛል። በጊዜው በተወለደና በሌላ በሌላው ጤነኛ በሆነ ሕፃን ላይ ግን ከቅርሻት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ሚዛን ነው

ጤናማውን ከሕመሙ ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ የሕፃን ሚዛን ነው። በጊዜው የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ክብደት ቢቀንስም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲወለድ ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እስከ 3 ወር ድረስ በአማካይ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም፣ ከ3 እስከ 6 ወር ደግሞ ከ15 እስከ 20 ግራም ያህል ይጨምራል። በዚህ ፍጥነት የሚያድግ ሕፃን ምንም ያህል ቢያቀረሽ፣ የሚያስፈልገው ወተት ሆዱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ስሌቱን ለማድረግ ሁለት ሚዛንና በመካከላቸው ያሉትን ቀናት ማወቅ ይበቃል። በኢትዮጵያ የመደበኛ ክትባት ቀጠሮዎች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ስለሚውሉ፣ በየቀጠሮው ሕፃኑን አስመዝኖ በካርዱ ላይ ማስጻፍ ቅርሻት በሚበረታበት ወቅት በየ28 ቀኑ አንድ አስተማማኝ ቁጥር ይሰጣል። ሕፃኑ ልብሱን አውልቆ፣ ቢቻል በአንድ ሚዛን ላይ መመዘን አለበት፤ ሁለት ሚዛኖች በመቶ ግራም ሊለያዩ ስለሚችሉ የአንድ ሳምንት ዕድገት በዚያ ልዩነት ሊዋጥ ይችላል። በቤት ውስጥ በየቀኑ መመዘን ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያስጨንቀው ይበዛል።

ሚዛን በአቅራቢያ በሌለበት ጊዜ ሽንት ይረዳል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ፈዛዛ ሽንት የሚሸና ሕፃን በቂ ፈሳሽ እያገኘ ነው። ይህ ፈሳሹን እንጂ ዕድገቱን ስለማያረጋግጥ ሚዛንን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

የሚፈሰውን ወተት በዐይን መገመት አታላይ መሆኑን ለመረዳት አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በደረቅ ጨርቅ ላይ አፍስሶ ማየት ይበቃል። እርጥበቱ ሲሰራጭ ሕፃኑ የጠባውን ሁሉ የመለሰ ይመስላል።

በዚያው ቀን ሐኪም የሚያስፈልገው

ቅርሻት ከአፍ ዳር ያለ ጥረት የሚፈስ ነው፤ ሕፃኑ ሲያቀረሽ ፊቱን ብዙም አያጨማድድም፤ ጨርሶም ወደ ጨዋታው ወይም ወደ እንቅልፉ ይመለሳል። ትውከት ግን የሆድ ጡንቻዎች ተኮማትረው በኃይል የሚያስወጡት ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ቀለምን ጨምሮ መመልከት ያስፈልጋል።

አረንጓዴ ትውከት ሐሞት ያለበት ትውከት ነው። ይህም አንጀት ከጨጓራ በታች ተዘግቶ፣ ወይም ከተፈጥሮ አቀማመጡ ወጥቶ ተጠማዞ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። የተጠማዘዘ አንጀት የደም ዝውውሩ ስለሚቋረጥ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረንጓዴ ያስመለሰ ሕፃን፣ ያስመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንና ከዚያ በኋላ የተረጋጋ ቢመስልም እንኳ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የረጋና ቢጫ የመሰለ ወተት የተለየ ነገር ነው፤ ጥርጣሬ ካለ የተበከለውን ጨርቅ ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ሁለተኛው ከቅርሻት ጋር የሚምታታው የጨጓራ መውጫ መጥበብ ነው። ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያስተላልፈው ጡንቻ እየወፈረ መተላለፊያውን ይዘጋል። ሕፃኑ ሲወለድ ደኅና ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ማስመለስ ይጀምራል፤ ትውከቱም ከቀን ወደ ቀን እየበረታ ሄዶ ወተቱ ተፈናጥሮ ራቅ ብሎ ይወድቃል። መዘጋቱ ሐሞት ከሚገባበት ቦታ በላይ ስለሆነ ትውከቱ አረንጓዴ አይሆንም። ከሁሉ የሚለየው ምልክት ሕፃኑ ባስመለሰ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና በጉጉት መጥባት መፈለጉ ነው። ከዚያም ሽንቱ ይቀንሳል፤ ክብደቱም ይቆማል ወይም ይወርዳል። በወንዶች፣ በተለይም በበኩር ልጆች ላይ ይበዛል። በአልትራሳውንድ ይለያል፤ የጎደለው ፈሳሽና ጨው በደም ሥር ከተተካ በኋላም አጭር በሆነ ቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ይድናል። እንዲህ ላለው ሕፃን የጡጦውን መጠን መቀነስም ሆነ ወተት መቀየር ቀናትን ማባከን ነው።

በትውከት ወይም በዓይነ ምድር ውስጥ ደም መታየት፣ የሆድ መነፋትና መጠጠር፣ ትኩሳት፣ ከወትሮው የተለየ መፍዘዝ፣ የእርግብግቢት ማበጥ፣ ሲጠባ መጥቆር ወይም ትንፋሽ ማቋረጥም በዚያው ቀን መታየት ያለባቸው ናቸው። ስለ ደሙ አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው፦ የእናት ጡት ጫፍ ሲሰነጠቅ ሕፃኑ የእናቱን ደም ውጦ ሊመልስ ይችላል። ጡቱን ማየት ቀላል ነው፤ ሆኖም ሐኪሙ እንዲወስን መተው ይሻላል።

ዕድሜም ምስክር ነው። ቅርሻት ከ6 ወር በኋላ አዲስ አይጀምርም። እስከዚያ ድረስ ያላቀረሸ የ7 ወር ሕፃን ማስመለስ ቢጀምር ኢንፌክሽንን ወይም ሌላ ምክንያትን መፈለግ ያስፈልጋል።

ለቅሶ ብቻውን ሪፍለክስ አይደለም

ሕፃናት በብዛት የሚያለቅሱት በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ቅርሻትም በዚያው ሰሞን እየጨመረ ስለሚሄድ ሁለቱ እንደ መንስኤና ውጤት ይታያሉ። ጀርባውን ወደ ኋላ እየለጠጠ የሚያለቅስ፣ ነገር ግን በደንብ የሚጠባና የሚያድግ ሕፃን ሪፍለክስ አለበት ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። «ሳይወጣ ውስጥ ለውስጥ የሚያቃጥል ሪፍለክስ» የሚለው አነጋገር በወላጆች መካከል ተስፋፍቷል፤ በእኔ ግምት ያለ በቂ ምክንያት መድኃኒት ከሚያስገዙ አባባሎች ቀዳሚው ነው። ለቅሶው ትርጉም የሚያገኘው ከሌላ ነገር ጋር ሲመጣ ነው፦ ሕፃኑ ተርቦ ጡቱን ይዞ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ እየጮኸ ቢተወው፣ ይህም በየምግቡ ቢደጋገምና ሚዛኑ ቢቀዛቀዝ።

የጡጦ ወተት የሚጠጣ ሕፃን፦ አንድ ስሌት

የአመጋገብ ለውጥ ከሁሉ ይበልጥ ፈጣን ውጤት የሚያሳየው ከመጠን በላይ በሚመገቡ የጡጦ ሕፃናት ላይ ነው። ለማሳያ ያህል ሲወለድ 3.2 ኪሎ የነበረ፣ በ6ኛው ሳምንት 4.3 ኪሎ፣ በ10ኛው ሳምንት 5.3 ኪሎ የመዘነ ሕፃን እንውሰድ። በየምግቡ 150 ሚሊ ሊትር የዱቄት ወተት በቀን 8 ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከእያንዳንዱ ጡጦ በኋላም በብዛት ያቀረሻል። ወላጆቹ የሚፈሰውን ለመተካት ብለው ካቀረሸ በኋላ ትንሽ ይጨምሩለታል።

በ28 ቀናት ውስጥ 1,000 ግራም ጨምሯል፤ ይህም በቀን 36 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ከሚጠበቀው በላይ ነው። በቀን የሚሰጠው 1,200 ሚሊ ሊትር ለ5.3 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 226 ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ለአብዛኞቹ ሕፃናት የሚበቃው በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ለዚህ ሕፃን በቀን 800 ገደማ ማለት ነው። ያም በ8 ጊዜ ሲከፈል 100 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ጨጓራው የማይችለውን 50 ሚሊ ሊትር በየጡጦው ሲሰጠው የሚመልሰው ያንኑ ትርፍ ነው።

ለውጡ በአንድ ቀን መደረግ የለበትም። በየሁለት ሦስት ቀኑ 130፣ ከዚያ 115፣ ከዚያ 100 እያሉ መውረድ ይቻላል። ሕፃኑ ከጡጦው ፊቱን ሲያዞር ወይም አፉን ሲገጥም ማቆም፣ ካቀረሸም በኋላ ወዲያው አለመጨመር ያስፈልጋል። ቁጥሩ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሕፃኑ በእውነት ተርቦ ከፈለገ ይሰጠዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመዘን በቀን ቢያንስ 20 ግራም ከጨመረና ቅርሻቱ ከቀነሰ፣ ምርመራም መድኃኒትም አያስፈልገውም። መጠኑ ተስተካክሎ ቅርሻቱ እንደነበረ ቢቀጥልና ሚዛኑ ጥሩ ቢሆን፣ ያው ጤናማ ቅርሻት ነው። ሚዛኑ ከተቀዛቀዘ ግን መጠኑን የበለጠ መቀነስ ሳይሆን ሐኪም ማየት ይገባዋል።

ከመጠኑ ጎን ለጎን ሁለት ነገሮች ይፈተሻሉ። አንደኛው የጡጦው ጫፍ ቀዳዳ ነው፤ ጡጦው ሲገለበጥ ወተቱ ጠብ ጠብ ማለት እንጂ መውረድ የለበትም። ሰፊ ቀዳዳ ሕፃኑ ሳይፈልግ ቶሎ ቶሎ እንዲውጥ ያስገድደዋል። ሁለተኛው የዱቄቱ ድብልቅ ነው። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የውኃና የማንኪያ ልክ ከምርት ምርት ስለሚለያይ ያንኑ መከተል፣ ማንኪያውን ሳይከምሩ መለካት ያስፈልጋል። ቅርሻትን ለመቀነስ ወይም ዱቄት ለመቆጠብ ወተቱን በውኃ ማቅጠን አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አውርዶ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

በመሐልና በመጨረሻ ማስገሳት፣ ከምግብ በኋላም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀጥ አድርጎ በትከሻ ላይ መያዝ ይረዳል። በመኪና ወንበር ወይም በተመሳሳይ መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ ግን ሆዱን ስለሚያጥፈው ያባብሳል።

ጡት የሚጠባ ሕፃን

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምክር ጡት ማጥባትን አለማቋረጥ ነው። የእናት ጡት ወተት ከጨጓራ ቶሎ ይወጣል፤ ወደ ዱቄት ወተት መቀየርም ቅርሻትን የሚቀንስበት ምክንያት የለም። መጠኑን መለካት ስለማይቻል የሚስተካከለው አጠባቡ ነው፦ ሕፃኑ ከጡቱ ጫፍ ጋር ጥቁሩን ክፍል ጭምር አፉን ሞልቶ መያዙ፣ አንዱን ጡት ሳይጨርስ ወደ ሌላው አለመዛወሩ፣ የእናት ወተት በኃይል የሚፈስ ከሆነም እናት ወደ ኋላ ጋደም ብላ ማጥባቷ። ጡት የሚጠባና በደንብ የሚያድግ ሕፃን ከዚህ ያለፈ ምንም አያስፈልገውም።

ነገሩ የሚለወጠው ሚዛኑ ሲቀዛቀዝ ነው። በ6ኛው ሳምንት 4.4 ኪሎ፣ በ10ኛው 4.7 ኪሎ የመዘነ ሕፃን በ28 ቀናት 300 ግራም፣ ማለትም በቀን 11 ግራም ገደማ ብቻ ጨምሯል። ይህ ከሚጠበቀው ዝቅተኛ ልክ ግማሽ ያህል ነው። በየጥባቱ መሐል እያለቀሰ ጡቱን የሚተው፣ ቆዳው ሻካራና ሽፍታ ያለበት፣ በዓይነ ምድሩም ንፍጥና የደም ጭረት የሚታይ ከሆነ ሐኪሙ የላም ወተት አለርጂን ይጠረጥራል። ይህ አለርጂ ከሪፍለክስ ሕመም ጋር በምልክት እጅግ ስለሚመሳሰል፣ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የሆድ ዕቃ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ መመሪያ፣ የአመጋገብ ማስተካከያው ካልበቃ የአሲድ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የላም ወተትን ከ2 እስከ 4 ሳምንት አስወግዶ ማየት እንደሚገባ አስፍረዋል።

ለእናት ይህ ማለት ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤን ሙሉ በሙሉ መተው ነው። የተነጠረ ቅቤም ቢሆን የወተት ፕሮቲን ቅሪት ሊኖርበት ስለሚችል በሙከራው ወቅት ይቀራል። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላም ወተት ጋር ስለሚመሳሰል ምትክ አይሆንም። ከፋብሪካ የሚወጡ ብስኩቶችና ዳቦዎች የዱቄት ወተት ሊኖራቸው ስለሚችል መለያቸውን ማንበብ ያስፈልጋል። በዚህ ነጥብ ላይ በጾም ወቅት የምታጠባ እናት አንድ ጥቅም አላት፦ በዐቢይ ጾም በሳምንታት ውስጥ ምንም የወተት ውጤት ሳትቀምስ ቆይታ የሕፃኑ ሁኔታ ምንም ካልተለወጠ፣ የላም ወተት ምክንያት የመሆኑ ዕድል በጣም ያንሳል፤ ይህንንም ለሐኪሙ መንገር ይገባታል። በጾሙ መሐል ድኖ ከፋሲካ በኋላ የተመለሰ ምልክት ደግሞ በተቃራኒው ይመሰክራል። እንዲህ ስል ግን አራስ እናት ለሙከራ ብላ ትጹም ማለቴ አይደለም፤ ወተቱን የምትተው እናት ፕሮቲንና ካልሲየም ከጥራጥሬ፣ ከዕንቁላል፣ ከጎመንና ከመሳሰሉት በበቂ መጠን ማግኘት አለባት።

ምልክቱ ከጠፋ የወተት ውጤቶችን መልሶ ጀምሮ ማየት የሙከራው ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ይህ ካልተደረገ በዕድሜ ብቻ የተሻለው ሕፃን አለርጂ እንዳለበት ተቆጥሮ እናቱ ያለ ምክንያት ትከለከላለች። የዱቄት ወተት ለሚጠጣ ሕፃን ተመሳሳዩ ሙከራ የሚደረገው ፕሮቲኑ በደንብ በተሰባበረ ልዩ ወተት ሲሆን፣ ዋጋው ውድ ስለሆነ ያለ ሐኪም ምክር መጀመር አያዋጣም።

ወተቱን ማወፈር

ወፈር ያለ ወተት የሚታየውን ቅርሻት በእርግጥ ይቀንሳል። ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ የዱቄት ወተቶችም አሉ። መጠኑ ተስተካክሎ ቅርሻቱ ቤተሰቡን ያስቸገረ ከሆነ፣ ለጡጦ ሕፃን በሐኪም ምክር ሊሞከሩ ይችላሉ። በቤት ውስጥ የአጥሚት ወይም የሩዝ ዱቄት በጡጦ ውስጥ መጨመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካሎሪውን ያለ ልክ ያበዛል፤ ወተቱ ሊሰጠው የሚገባውን ፕሮቲንና ቅባት ድርሻ ያሳንሳል፤ ሩዝ ደግሞ አርሰኒክ የሚባለውን መርዛማ ንጥረ ነገር ከሌሎች እህሎች በላይ የመያዝ ጠባይ አለው። ወፍራሙ ወተት እንዲያልፍ የጡጦውን ጫፍ በመርፌ ማስፋት ደግሞ ትን የማለትን አደጋ ያመጣል። በታለበ የእናት ጡት ወተት ላይ ጭራሽ አይሠራም፤ ወተቱ ውስጥ ያለው ስታርች የሚፈጭ ኢንዛይም ዱቄቱን በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ያቀጥነዋል። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ማንኛውም ማወፈሪያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

አስተኛኘት

የሚያቀረሽ ሕፃን በጀርባው ቢተኛ ትን ይለዋል የሚለው ስጋት በየቤቱ አለ። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆድ ሲተኛ አቀማመጡ ይገለበጣል። በሆድ መተኛት የሪፍለክስን ቁጥር የሚቀንስ ቢሆንም፣ የሕፃናትን ድንገተኛ ሞት ስለሚያበዛ ለሚያቀረሹ ሕፃናትም አይፈቀድም። ስለዚህ ሕፃኑ የሚተኛው በጀርባው፣ በጠንካራና ባልተዘነበለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ነው። የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ጥቅሙ አልታየም፤ ሕፃኑ ተንሸራትቶ አንገቱ እንዲታጠፍም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብሉ የሕፃናት መኝታዎችን መሸጥና ማምረት የከለከለው በእነርሱ ላይ የሞቱ ሕፃናት ስለነበሩ ነው። እንዲህ ያለ ያገለገለ መኝታ ከውጭ ለዘመድ በስጦታ የሚልኩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

መድኃኒት የሚገባበት ቦታ

ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ጨጓራ የሚያመነጨውን አሲድ ይቀንሳሉ እንጂ ወተቱ እንዳይመለስ አያደርጉም። የሚያቀረሸው ሕፃን ያንኑ ያህል ያቀረሻል፤ የሚለየው ቅርሻቱ አሲድ የሌለበት መሆኑ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ፣ 162 ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት፣ ከእነዚሁ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ላንሶፕራዞል ከወሰዱትም ባዶ መድኃኒት ከወሰዱትም እኩል 54 በመቶ ተሽሏቸዋል፤ የታችኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝቷል። አሲድ ጀርሞችን ስለሚገድል ሲቀንስ የሳንባ ምችና የተቅማጥ ዕድል ይጨምራል። በመሆኑም መድኃኒቱ የሚገባው የምግብ ቧንቧ መቁሰሉ ለተረጋገጠ፣ ወይም አመጋገቡ ተስተካክሎና የላም ወተትን ማስወገድ ተሞክሮ ሕመሙ ለቀጠለ ሕፃን ነው። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ተሰጥቶ ውጤቱ ይገመገማል፤ ካልረዳ ይቆማል።

ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ለሕፃን ቅርሻት መሰጠት የለበትም። የአንገትና የፊት ጡንቻዎችን ያለ ፈቃድ የሚያጣምም ጉዳት ያመጣል፤ የሚያስፈዝዝም ነው። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙ የሆድ ማረጋጊያ ሽሮፖችም ቅርሻትን አይቀንሱም፤ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ከእናት ወተት በቀር ሌላ ፈሳሽ አይሰጥም የሚለውንም መመሪያ ይጥሳሉ።

በአንዳንድ የአገራችን አካባቢዎች ለሚያስመልስ ሕፃን እንጥል ማስቆረጥና ያልበቀለ ጥርስ ከድዱ ማስነቀል አሁንም መፍትሔ ተብሎ ይሠራል። እንጥል ከጨጓራ ቀለበት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቆረጣው ግን ደም መፍሰስን፣ በደም የሚሰራጭ ኢንፌክሽንንና ቴታነስን ያስከትላል፤ የድድ ነቀላውም ቋሚ ጥርሶችን ያበላሻል። ከቆረጣው በኋላ ቅርሻቱ ቀነሰ የሚሉ ቤተሰቦች የሚያዩት ከ4 ወር በኋላ በራሱ የሚመጣውን መቀነስ ነው።

እስከ መቼ ይጠበቃል?

ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው የሚጀመረው ተጨማሪ ምግብ ወፈር ያለ ገንፎ እንጂ ቀጭን አጥሚት ባይሆን ለቅርሻትም ለዕድገትም ይሻላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በየወሩ ልዩነት ይታያል። ዓመት ሞልቶት አሁንም በየቀኑ የሚያቀረሽ ልጅ፣ ክብደቱ ጥሩ ቢሆንም፣ በቀጠሮ ለሕፃናት ሐኪም ይታይ፤ 18 ወር አልፎ ከቀጠለ ሐኪሙ የምግብ ቧንቧውንና የአንጀቱን አቀማመጥ በምርመራ ያረጋግጣል።